ብቸኛ አከፋፋይ ሆነው ሊፈርሙ ነው? አካባቢውንና ኮታውን እንዲህ ያስጽፉ

ወረታ ላይ የውሃ ፓምፕና መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ይደውልና «በፎገራና በአካባቢው ብቸኛ አከፋፋይ ላድርግህ» ይላል፤ በማግስቱ አራት ወይም አምስት ገጽ ውል ይልካል። ቅናሹ ደህና ነው፣ ዕቃውም ይፈለጋል፤ ውሉ ግን በአስመጪው ጠበቃ የተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የተሰጠው ብቸኝነት አራተኛው ገጽ ላይ በኮታው በኩል ተመልሶ ሲወሰድ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ ያንን ውል ከመፈረምዎ በፊት አንድ በአንድ የሚሄዱበት ነው። ምሳሌው ሁሉ በውሃ ፓምፕ ላይ ይሁን እንጂ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ወይም የመርጫ ዕቃ ለሚያከፋፍልም ይሠራል።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡ። አንደኛው ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ሽያጭዎ በየወሩ ተለይቶ የተጻፈበት መዝገብ ነው፤ ደረሰኞቹን መቁጠር ቢኖርብዎትም ይቁጠሩ። ሁለተኛው አስመጪው የላከው ረቂቅ ነው፣ ታትሞ፣ ሰፊ ኅዳግ ተትቶለት። በስልክ ስክሪን ላይ ውል አይነበብም።

፩. አስመጪው ራሱ ምን እንዳለው ይጠይቁ

እርስዎን ብቸኛ የሚያደርግዎ ሰው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ የሚሰጥዎት ነገር የለውም። ቻይና ወይም ህንድ ያለው ፋብሪካ ለሌላ አስመጪም ያንኑ ፓምፕ በዚያው ስም የሚሸጥ ከሆነ፣ የሁለተኛው አስመጪ ዕቃ ባሕር ዳር ገብቶ ወረታ ሲደርስ የእርስዎ አስመጪ የሚያደርገው የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1952 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንጂ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም።

ስለዚህ የፋብሪካውን የውክልና ደብዳቤ ወይም ውል ይጠይቁ። ዋጋውን ሸፍኖ ቢያሳይዎትም ይበቃል። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ኢትዮጵያን በሙሉ ይሸፍናል ወይ፣ ሌላ አስመጪን ይከለክላል ወይ፣ መቼ ያበቃል። የእርሱ ውል በስምንት ወር የሚያልቅ ሆኖ ለእርስዎ ሦስት ዓመት ከሰጠ፣ ረቂቁ ውስጥ «የአስመጪው መብት ቢቋረጥ በአከፋፋዩ እጅ ያለውን ዕቃ በገዛበት ዋጋ መልሶ ይወስዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ያድርጉ። ደብዳቤውን ሊያሳይ ፈጽሞ ካልፈቀደ አስመጪ ጋር ተራ ደንበኛ ሆኖ መቀጠል ይሻላል።

፪. አካባቢውን በወረዳና በከተማ ስም ያስጽፉ

«ደቡብ ጎንደርና አካባቢው» የሚል ቃል ሲፈረም ያስደስታል፣ ሲከራከሩበት ያስለቅሳል። «አካባቢው» የት ላይ ያበቃል? ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውም መንገድ የሚነሣባት ከተማ ናት። ዕቃ በሦስት አቅጣጫ ይወጣል፣ በሦስት አቅጣጫም ይገባል። ስለዚህ በስም ይዘርዝሩ፦ ወረታ ከተማ፣ ፎገራ ወረዳ፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ከአዲስ ዘመን ጋር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አካባቢውን ማስፋት ነው። ደብረ ታቦርንም፣ ሐሙሲትንም፣ ከተቻለ ጎንደርንም መጨመር እንደ ድል ይታያል። ግን ኮታው የሚሰላው በአካባቢው ስፋት ነው። የሐሙሲት ገበሬ ባሕር ዳር ወርዶ ሸቀጡን የሚገዛ ከሆነ፣ ሐሙሲትን በውልዎ መያዝ ኮታውን ከመጨመር በቀር ጥቅም ላይሰጥዎት ይችላል። መዝገብዎን ይክፈቱና ገዢዎችዎ ከየት እንደመጡ ይዩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ምንም ያልሸጡበትን ወረዳ አይውሰዱ፤ ከወሰዱም ያ ወረዳ የመጀመሪያው ዓመት ኮታ ውስጥ እንዳይታሰብ ያስጽፉ።

፫. ሌላ ማን መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ

ብቸኛ መሆን ከሌሎች ነጋዴዎች ብቻ ነው ወይስ ከአስመጪው ከራሱም? ረቂቁ ዝም ካለ አስመጪው ነገ ራሱ በቀጥታ ለገበሬ ማኅበር ወይም ለመስኖ ፕሮጀክት መሸጥ እንደሚችል ያስቡ። ፓምፕ በብዛት የሚገዙት ደግሞ እነዚህ ናቸው፤ ጨረታቸውም ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይወጣል፣ አስመጪው ይወዳደራል፣ ዕቃው ግን መጥቶ የእርስዎ ገበያ ውስጥ ይራገፋል። በዚያ ዓመት ገበሬው ከእርስዎ አይገዛም።

ይህን ሽያጭ ሙሉ በሙሉ እከለክላለሁ ብለው አይድከሙ፤ አስመጪ አይስማማም። የሚስማማበት ነገር ይህ ነው፦ «አስመጪው በአከፋፋዩ አካባቢ ለሚገለገሉ ገዢዎች በቀጥታ የሸጠው እያንዳንዱ ፓምፕ ከአከፋፋዩ ኮታ ላይ ይቀነሳል።» ኮሚሽን ማግኘት ከቻሉ መልካም፤ ካልቻሉም ኮታው ይቀነስ።

ከሌላ ከተማ ሾልኮ ለሚገባው ዕቃ መያዣው ሴሪያል ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሞተር ላይ የተቀረጸ ወይም የተለጠፈ ቁጥር አለ። አስመጪው ሲያስረክብዎ የቁጥሮቹን ዝርዝር ፈርሞ ይስጥዎት፤ ለሌሎች አከፋፋዮቹም እንዲሁ ያድርግ። ለጥገና የመጣ ፓምፕ ቁጥሩ ከእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ፎቶ ያንሡት፣ ቀኑንና የገበሬውን ቀበሌ ይጻፉ፣ ለአስመጪው ይላኩ። የሌላ አከፋፋይ ቁጥር ሆኖ ከተገኘ ከእርስዎ ኮታ ይቀነስ ዘንድ ውሉ ላይ ይግባ። ገበሬው ራሱ ባሕር ዳር ሄዶ የገዛውን ግን መከልከል አይቻልም፣ መሞከርም የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ በዚሁ። አንዳንድ ረቂቅ «አከፋፋዩ ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥም» የሚል ቁጥር ያስገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአቅራቢና በሻጭ መካከል ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ መወሰንን ይከለክላል። ያንን መስመር ያሰርዙ፤ ቢፈርሙበት ችግሩ የአስመጪው ብቻ አይሆንም።

፬. ኮታውን በቁጥርና በወቅት ያስጽፉ፣ በብር አይሁን

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ከውሉ ሁሉ ገንዘብዎን የሚበላው ወይም የሚጠብቀው ይህ አንቀጽ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው። ኮታ በብር ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀበትን ጊዜ ያስታውሱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ በብር የተጻፈ ኮታ በግማሽ ዕቃ ይሞላል፤ አስመጪው ይከስራል፣ ውሉንም ለማፍረስ ሰበብ ይፈልጋል። በዶላር የተጻፈ ኮታ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ሁለት እጥፍ ብር ይጠይቅዎታል። በቁጥር ይጻፉ፦ ባለ 2 ኢንች ይህን ያህል፣ ባለ 3 ኢንች ይህን ያህል። መለዋወጫ ከኮታ ውጭ ይሁን፤ አለዚያ ቫልቭና ጋስኬት በጅምላ ተጭኖ ይላክልዎታል።

በቁጥር መጻፍም ቢሆን የዋጋ ንረትን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ 120 ፓምፕ ለመግዛት የሚያስፈልገው ካፒታል አሁንም በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 ደግሞ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ስለከበደ ብቻ ውል አይለወጥም ይላል። ፍርድ ቤት ያዝንልኛል ብለው አይጠብቁ። «የአንድ ፓምፕ የጅምላ ዋጋ ከፊርማው ቀን ዋጋ ከሩብ በላይ ከጨመረ ተዋዋዮቹ በ30 ቀን ውስጥ ኮታውን እንደገና ይወስናሉ፤ እስኪወስኑ የቀደመው ኮታ ግማሽ ይጸናል» የሚል መስመር ያስገቡ። የመጨረሻዋ ሐረግ ከሌለች አስመጪው ዝም ብሎ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ ወቅቱ። አስመጪዎች ዓመታዊውን ቁጥር ለአራት እኩል መክፈል ይወዳሉ፣ ለሒሳብ ሠራተኛቸው ስለሚቀል። የፎገራ ገበያ ግን ለአራት እኩል አይከፈልም። በክረምት ሜዳው ውሃ ነው፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈሳሉ፣ ፓምፕ የሚጠይቅ የለም። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲተከል፣ ገበሬውም ሩዙን ሸጦ ብር ሲይዝ፣ ያን ጊዜ ሱቁ ይጨናነቃል።

ለምሳሌ የዓመቱ ኮታ 120 ፓምፕ ነው እንበል። እኩል ሲከፈል በየሦስት ወሩ 30 ይሆናል። ሽያጭዎ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር 20፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 65፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 30፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ 5 ቢሆን ዓመቱን በትክክል 120 ሞልተዋል። በእኩል አከፋፈል ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር ግዴታዎን አልተወጡም ማለት ነው። ረቂቁ «በማንኛውም ሩብ ዓመት ኮታ ካልተሟላ» የሚል ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ሸጠው መስከረም ሳይጠባ ብቸኝነትዎን ያጣሉ።

የወር መዝገብዎ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ክፍፍሉ የእርስዎን ሽያጭ ይከተል፤ መመዘኛውም የዓመቱ ድምር ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ኮታ ደግሞ ከቀድሞ ሽያጭዎ አይብለጥ፤ የፓምፑ ስም ገና አልታወቀም፣ ገበሬውም የጎረቤቱ ሞተር አንድ በጋ ሲሠራ ሳያይ አይገዛም።

፭. ኮታውን ከአቅርቦት ጋር ያያይዙት

አስመጪው ካላመጣ እርስዎ ከየት ይገዛሉ? ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ አብዛኛው ረቂቅ ግን አይጽፈውም። የውጭ ምንዛሪ ዘገየ፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆመ፣ ከዚያ ሞጆ ቆመ፣ ዕቃው ደርሶ ሲታይ መጋቢት ሆኗል። የሽንኩርቱ ተከላ አልፏል። ኮታው ግን ይቆጥራል።

ዘዴው ቀላል ነው፦ «አከፋፋዩ በጽሑፍ አዝዞ አስመጪው በ15 ቀን ውስጥ ያላስረከበው ብዛት ከዓመቱ ኮታ ላይ ይቀነሳል።» የዚህች ዓረፍተ ነገር ልዩነት በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ኮታ 120። በዓመቱ 110 አዘዙ። አስመጪው በጊዜው ያቀረበው 85፣ ያላቀረበው 25። ውሉ «ከኮታው 80 በመቶ ያልገዛ ብቸኝነቱን ያጣል» ይላል። ዓረፍተ ነገሯ ከሌለች 85 ለ120 ይካፈላል፣ 71 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ አለቀልዎ። ካለች ግን ኮታው 95 ይሆናል፤ 85 ለ95 ሲካፈል 89 በመቶ ይመጣል፣ ብቸኝነትዎ ይቀጥላል።

የሚፈለገው ሁሉ የታዘዘበት ማስረጃ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚወድቀው እዚህ ነው። ትእዛዝ በስልክ ይሰጣል፣ «እሺ፣ ሲገባ እልካለሁ» ይባላል፣ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውስም። ትእዛዝዎን ቁጥርና ቀን ባለው ወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ ውሉ ላይ በተጠቀሰው የኢሜይል አድራሻ ወይም የቴሌግራም ቁጥር ይላኩ። ስልክ ደውለው የተስማሙ እንደሆነ እንኳ ከደወሉ በኋላ ይላኩ። አስመጪው ዕቃ እንደሌለው ቢያውቁም ይዘዙ፤ ያልታዘዘ ነገር አልቀረበም ሊባል አይችልም።

ግዢ መቼ እንደሚቆጠርም ይወሰን። ገንዘብ ባስገቡበት ቀን ነው፣ መርካቶ መጋዘን ሲጫን ነው፣ ወይስ ወረታ ሲራገፍ? ለእርስዎ የሚሻለው ገንዘቡ የገባበት ቀን ነው፤ በመንገድ የሚጠፋው ጊዜ ከሒሳብ ይወጣል። ርክክቡ የት እንደሆነም ይጻፍ። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ አለና አስመጪዎ በዚያ የሚያስገባ ከሆነ ርክክቡን እዚያው ማድረግ የአዲስ አበባን የጭነት ወጪ ያስቀርልዎታል።

፮. ኮታ ሲጎድል የሚመጣውን በደረጃ ያስቀምጡ

ረቂቁ አንድ ቅጣት ብቻ ያለው ከሆነ፣ ያውም «አስመጪው ውሉን ወዲያውኑ ሊያቋርጥ ይችላል» የሚል፣ እንዳለ አይፈርሙት። በአንቀጽ 1786 መሠረት ውሉ ራሱ የማፍረስ መብት ከሰጠና የተባለው ሁኔታ ከተሟላ፣ ተዋዋዩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ያቺ መስመር ቀላል አይደለችም። በእርሷ ፈንታ ደረጃ ይኑር።

የጎደለው እስከ 20 በመቶ ከሆነ ለቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወር ይተላለፍና ይሟላ። ከዚያ በላይ ሲጎድል፣ ጎዶሎውን ገዝተው ለማሟላት 45 ቀን ይሰጥዎ፤ ይህ ምርጫ የእርስዎ እንጂ ግዴታ አይሁን። ካላሟሉ ብቸኝነቱ ይነሣ፤ ግን በዚያው የጅምላ ዋጋ ተራ አከፋፋይ ሆነው ይቀጥሉ። ውሉ የሚቋረጠው ለሁለት ተከታታይ ዓመት ከግማሽ በታች ከገዙ ብቻ ይሁን። ቁጥሮቹን እንደ ድርድሩ ይለውጧቸው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይልቀቁ። አስመጪው እንዲህ ያለውን መሰላል የሚቀበለው ለራሱም ስለሚበጀው ነው፤ በአንድ ክፉ ዓመት አከፋፋይ ያባረረ ሰው ቀጣዩን ከዜሮ ይጀምራል።

የገንዘብ ቅጣት ካለ ቆም ብለው ያንብቡ። ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በውል የተወሰነ መቀጫ አስመጪው ኪሳራ ባይደርስበትም ይከፈላል፤ ዳኛ ሊቀንሰው የሚችለውም ግዴታው በከፊል ከተፈጸመ ነው። በእኔ አስተያየት ብቸኝነትን ማጣት በቂ ቅጣት ነው፤ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ጎዶሎ ፓምፕ ብር መክፈል አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቀጣት ነው። «ከላይ የተዘረዘሩት ውጤቶች ብቸኛዎቹ ናቸው፤ አስመጪው ስለ ኮታ ጉድለት ሌላ ካሣ አይጠይቅም» የሚል መዝጊያ ያስገቡ።

ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ ይሁን። ሕጉ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቅን መሠረት ያደርጋል። ረቂቆች ይህን «ያለ ማስጠንቀቂያ» በሚሉ ሁለት ቃላት ሊያልፉት ይሞክራሉ። እነዚያን ቃላት ፈልገው ይሰርዙ።

፯. የመንገድ መዘጋትን በስሙ ይጻፉ

«ከዓቅም በላይ የሆነ ሁኔታ በሕጉ መሠረት ይታያል» የሚለው የተለመደ አንቀጽ ለእኛ አካባቢ አይበቃም። አንቀጽ 1792 ሁኔታው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆንን ይጠይቃል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ግጭት እንዳለ፣ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ እያወቀ ዛሬ የሚፈርም ሰው ነገ «አላሰብኩትም» ቢል ማን ይሰማዋል? የፎገራ ጎርፍም እንዲሁ ነው፤ ጎርፍ በአንቀጽ 1793 በምሳሌነት ቢጠቀስም፣ ሜዳችን ላይ በክረምት ውሃ መተኛቱ ለማንም አዲስ አይደለም። የዋጋ መጨመር ደግሞ በአንቀጽ 1794 በግልጽ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

መፍትሔው የሕጉን ትርጉም ከመጠበቅ ይልቅ ቀን መቁጠር ነው፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ የሚያስገባው መንገድ ለጭነት ተሽከርካሪ የተዘጋበት ወይም በወረታ የባንክ አገልግሎት የተቋረጠበት ጊዜ በወር ውስጥ በድምሩ ከ10 ቀን በላይ ከሆነ የዚያ ወር ኮታ ይቀራል።» ሲዘጋ ወዲያውኑ ለአስመጪው ይጻፉ። ኢንተርኔት ከሌለ በአጭር የስልክ መልእክት ይላኩ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሰብስበው ቢያመጡት ሰበብ ይመስላል።

፰. አፈራረም

አስመጪውን ወክሎ የሚፈርመው በንግድ ምዝገባው ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ወይም ውክልና ያለው መሆኑን ይዩ፤ የሽያጭ ሠራተኛ ፊርማ ውል አይደለም። በጽሑፍ ለማድረግ ተስማምታችኋልና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንቀጽ 1727 ይህን ይጠይቃል። ሴሪያል ቁጥር የሚመዘገብበት ቅጽ፣ የወር ኮታው ሠንጠረዥና የወረዳዎቹ ዝርዝር አባሪ ሆነው እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም።

ውሉ ሲያበቃ ሱቅዎ የቀረውን ፓምፕ ማን ይወስዳል፣ ዋስትና የተሰጠበትን ሞተር ማን ይጠግናል፣ መለዋወጫ ለምን ያህል ጊዜ ይቀርባል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎችም አሁኑኑ ያስመልሱ። ገበሬው አስመጪውን አያውቀውም፤ ሞተሩ ሲቆም ተሸክሞ የሚመጣው እርስዎ ዘንድ ነው። ክርክር የሚታይበት ቦታም «አዲስ አበባ» ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚሄደው እርስዎ ነዎትና «ከሳሽ የሆነ ወገን ተከሳሹ ባለበት ቦታ ይከሳል» የሚለውን ያቅርቡ።

ረቂቁን ካስተካከሉ በኋላ ጠበቃ ያሳዩት፤ የጠበቃው ክፍያ ከአንድ ፓምፕ ዋጋ ቢበልጥ እንኳ አይቆጭዎት። ድርድሩ ካልሰመረና ሁሉንም ማግኘት ካልቻሉ፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ያለችውን የአቅርቦት ዓረፍተ ነገር ይዘው ሌላውን ይልቀቁ። እርሷንም የከለከለ አስመጪ ውል ላይ አይፈርሙ፤ ፓምፑን ያለ ብቸኝነት ገዝተው ይሽጡ።